የአቅራቢ ዕዳ ቀኑ ሲደርስ ገንዘብ ቢያጥር፦ ጊዜ ስለመጠየቅ ጥያቄና መልስ

መልስ የሚሰጡት የነጋዴዎችን ሒሳብ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ (ማተሚያ ቤት ያላት፣ አዲስ አበባ)፦ ጋሼ፣ ግንቦት 25 ከአንድ አስመጪ በ30 ቀን ዱቤ የ690,000 ብር ወረቀት ወስጃለሁ። ዛሬ ሰኔ 12 ነው፤ መክፈያዬ ሰኔ 25። እጄ ላይ ያለው 260,000 ብቻ ነው። ሥራ ያስረከብኩት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገና አልከፈለኝም። ሰውየው ጋ ደውዬ ምን ልበለው?

መልስ፦ ዛሬ ሰኔ 12 መሆኑ ጥሩ ነው። ከቀኑ በፊት የሚደውል ሰው ጊዜ ጠያቂ ነው፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚደውል ግን ዕዳ ያልከፈለ ሰው ነው፤ አቅራቢው ሁለቱን በአንድ ዓይን አያያቸውም። አስመጪው አስቀድሞ ካወቀ የራሱን ክፍያ ማሸጋሸግ ይችላል። ሰኔ 25 ጠዋት ከሰማ ግን ያንቺን ገንዘብ አምኖ ለሌላ ሰው ቃል ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ እሱንም ከሰው ታጋጪዋለሽ።

ቢሆንም ስልኩን ዛሬ አታንሺ፣ ነገ ይሁን። ዛሬ ሒሳቡን ወረቀት ላይ አውጪ። አስመጪው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «መቼ? ስንት?» ብሎ ነው። «ትንሽ ቀን ስጠኝ» ካልሽው ለሱ መልስ አይሆንም። ቀን ሳታሰሊ ከጠራሽ ደግሞ ቀኑ ደርሶ ሁለተኛ ትጠይቂያለሽ፤ አብዛኛው የዱቤ ግንኙነት የሚበላሸው በዚያ በሁለተኛው ጥያቄ ነው።

እስከ ሐምሌ 30 ያለውን ብቻ ጻፊ። ከእግረኛ ደንበኛ በየሳምንቱ የሚገባውን ደህና በሆነው ሳምንት ሳይሆን በደካማው ሳምንት ልክ ያዢው። ደመወዝ፣ ኪራይ፣ በካሽ የምትገዢው ዕቃ፣ ሌላ ወጪ። የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ ዜሮ አድርጊው። ቁጥሮቹን ላኪልኝ።

ጥያቄ (የማተሚያ ቤቷ ባለቤት)፦ ደመወዝና ኪራይ በወር 125,000። ከእግረኛ ደንበኛ በደካማው ሳምንት 45,000 ይገባል፤ ለዚያው ሥራ በሳምንት 15,000 ዕቃ እገዛለሁ። መብራት፣ ትራንስፖርትና ሌላው እስከ ሐምሌ መጨረሻ 30,000 ይሆናል። ግን የመሥሪያ ቤቱን ለምን ዜሮ? ሊከፍሉኝ እኮ ነው፣ 800,000 ነው።

መልስ፦ ይከፍሉሻል፤ መቼ እንደሚከፍሉ ግን አንቺ አታዢበትም። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ክፍያሽ እስከዚያ ካልወጣ ወደ ሐምሌ ሊሻገር ይችላል፤ አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ቢጀምርም ገንዘቡ በማግስቱ እጅ አይገባም። ከክፍያው ላይ የሚቀነስ ግብርም አለ፤ ስለዚህ ደረሰኝ ላይ ያለው ቁጥርና ባንክሽ የሚገባው ቁጥር አንድ አይደሉም።

አሁን እንደምረው። ከዛሬ እስከ ሐምሌ 30 ሰባት ሳምንት ገደማ ነው። በእጅሽ 260,000 አለ፣ ከእግረኛ ደንበኛ 315,000 ይገባል። የሚወጣው የሁለት ወር ደመወዝና ኪራይ 250,000፣ ዕቃ 105,000፣ ሌላ 30,000። የሚተርፈው 190,000 ነው። ያለ መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ እስከ ሐምሌ 30 ለአስመጪው መስጠት የምትችዪው ከዚህ አይበልጥም። ይህንንም ሁሉን ቃል አትግቢ። 40,000 ለብልሽት፣ ለሕመም፣ ላልታሰበ ነገር ይቀመጥ። ቃል የምትገቢው 150,000 ነው።

አሁን ይህን 150,000 እንዴት እንደምትከፋፍዪው ነው ዋናው ነገር። ከ690,000 ውስጥ 600,000 የወረቀቱ ዋጋ ነው፣ 90,000 ቫት ነው። አስመጪው የግንቦቱን ሽያጭ ቫት በሰኔ ውስጥ ያሳውቃል፤ አንቺ ብትከፍዪውም ባትከፍዪውም። ማለትም ለመንግሥት ያንቺን ድርሻ ከኪሱ ሊከፍል ነው። የራሱ ተቀናሽ ቫት ስላለው ጠቅላላውን 90,000 ላይሆን ይችላል፣ ስሜቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ሰኔ 25 ላይ ቢያንስ 90,000ውን ክፈዪ፤ «ቫቱ እርስዎ ላይ እንዳይወድቅ» ብለሽ ንገሪው። የሱን ጭንቀት እንደምታውቂለት የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ቁጥር የለም። ቀሪውን 60,000 ሐምሌ 20።

ጥያቄ (የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ፣ አዳማ)፦ ለምን ታደክሟታላችሁ? ቀን ወደፊት የተጻፈበት ቼክ ትስጠውና ትገላገል። አቅራቢ ቼክ ካየ ይረጋጋል፤ ሁሉም የሚሠራው እንዲህ ነው።

መልስ፦ ይረጋጋል ያልከው እውነት ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚሠራበትም አውቃለሁ። ችግሩ ቼክ ቀጠሮ የማይሰጥ ሰነድ መሆኑ ነው። ሕጉ ቼክን ሲቀርብ የሚከፈል አድርጎ ነው የሚያየው። ነሐሴ 15 ብለህ የጻፍከውን ቼክ ያዡ ሰኔ 26 ባንክ ቢወስደው፣ ባንኩ «ቀኑ አልደረሰም» ብሎ አይመልሰውም። ገንዘብ ካለ ይከፍለዋል፤ ከሌለ በቂ ስንቅ የለውም ብሎ ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ነገሩ ዕዳ ብቻ መሆኑ ይቀራል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ የሚችል ወንጀል ነው። ቼክ በተደጋጋሚ የተመለሰበት ሰው ሒሳቡም ይዘጋል።

ለዋስትና ተብሎ የተሰጠ ቼክ በፍርድ ቤት እንዴት እንደሚታይ ክርክር አለ፤ ክርክሩን ግን ከቢሮ ሆኖ ማንበብና ተከሳሽ ሆኖ መስማት አንድ አይደለም። እሷ ገንዘቡ እንደሌላት ዛሬ ታውቃለች። ቼክ ከጻፈች እያወቀች ነው የጻፈችው። ገንዘብ እንደሚጎድል እየታወቀ የሚሰጥ ቼክ ማሳመኛ ሊሆን አይገባውም።

በምትኩ የዕዳ ማመኛ ሰነድ ትፈርም፦ የዕዳው መጠን፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ የመክፈያ ቀኖቹ፣ ሁለት ምስክር። ለአስመጪው ዋጋ አለው። ነገ ቢካካዱ «ወረቀቱ ጎድሎ ነው የደረሰኝ» የሚል ክርክር አይነሳበትም።

አስተያየት (ጅምላ አከፋፋይ፣ መርካቶ)፦ እኔ ጊዜ የሚጠየቀው ወገን ነኝ። ባለሙያው ያልጠቀሱት አንድ ነገር አለ። ደንበኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማየው ሌላ ቦታ በካሽ እየገዛ እንደሆነ ነው። እዚህ ወሬ አይደበቅም። ለኔ የለኝም ብሎ ከጎረቤቴ በካሽ ወረቀት የጫነ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ዱቤ አያገኝም። «አሮጌውን በክፍል፣ አዲሱን ደግሞ ካንተው በካሽ» ያለኝን ግን እቀበለዋለሁ።

መልስ፦ ልክ ነዎት፤ ይህ እሷ ከምትሰጠው ማስረጃ ሁሉ ይበልጣል። ልጄ፣ በሳምንት 15,000 የምትገዢው ዕቃ ውስጥ ወረቀት ካለ ከዛሬ ጀምሮ ከዚሁ አስመጪ ውሰጂው፣ በካሽ። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ግን በየሳምንቱ መደብሩ ትታዪያለሽ። የሚሸሽ ባለዕዳ መጀመሪያ የሚያቋርጠው እግሩን ነው።

ጥያቄ (የማተሚያ ቤቷ ባለቤት)፦ እሺ፣ 150,000ው ገባኝ። ቀሪው 540,000ስ? እሱን ለመክፈል ከመሥሪያ ቤቱ ሌላ መንገድ የለኝም። ክፍያው ጸድቋል ብለው ጊዜ ይሰጠኛል?

መልስ፦ ጸድቋል? ካልጸደቀ አትበዪ። እዚህ ላይ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል፤ የገባ ማመልከቻን «ተፈቅዷል»፣ የተፈቀደን «ወጥቷል» ይላል። አስመጪው እዚያ መሥሪያ ቤት ፋይናንስ የሚያውቀው ሰው ሊኖረው ይችላል። አንድ ስልክ ደውሎ ቃልሽ ከወደቀ ቀሪው ቁጥርሽ ሁሉ አብሮ ይወድቃል።

የደረሰበትን ደረጃ በትክክል ንገሪው። ሥራውን ንብረት ክፍል ከተረከበሽ ሞዴል 19 ተቆርጦልሻል፤ የሱን ኮፒና የደረሰኝሽን ኮፒ ያዢ። ሞዴል 19 ዕቃው መግባቱን ነው የሚያሳየው፤ የክፍያ ቀን አያሳይም። ይህንንም ራስሽ ንገሪው፤ ጥያቄው ከሱ ከሚመጣ ካንቺ ቢሰማው ይሻላል።

ለ540,000ው ነሐሴ 15ን ጥሪ። «መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ ከከፈለኝ ግን ገንዘቡ በገባ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ አስገባለሁ» የሚል ጨምሪበት። ይህች ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች፤ በጊዜው ለመጠቀም ሳይሆን በእርግጥ ስለሌለሽ እንደጠየቅሽ ታሳያለች። ከዚያ «ነሐሴ 15 ደርሶ ባይከፍሉሽስ?» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ መልስ ከሌለሽ ንግግሩ እዚያ ይቆማል። ካርቶኑ ያልተከፈተ ወረቀት ምን ያህል ቀርቶሻል?

ጥያቄ (የማተሚያ ቤቷ ባለቤት)፦ የ180,000 ያህል አለ፣ ፕላስቲኩ እንኳ አልተነካም።

መልስ፦ መያዣሽ እሱ ነው። ነሐሴ 15 ካልተከፈለሽ ያልተከፈተውን በገዛሽበት ዋጋ ለመመለስ ፈቃደኛ መሆንሽን ጻፊ። ቀሪው 360,000 ይሆናል፤ ለሱ ተቀምጣችሁ ትነጋገራላችሁ። ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፤ ክረምት ስለሆነ ከወለል ከፍ አድርገሽ፣ ከግድግዳ አርቀሽ አስቀምጪው። የተጠቀለለ ወይም የረጠበ ወረቀት ማንም አይመልስልሽም። ሲመለስ የመመለሻ ሰነድ በደንብ ይሠራ፤ ካለበለዚያ በሁለታችሁም ቫት ሒሳብ ላይ ጣጣ ያመጣል።

ነገ ደውዪ። ለሽያጭ ሠራተኛው ሳይሆን ለባለቤቱ። ሠራተኛው «እሺ እነግራቸዋለሁ» ይልሻል፤ መወሰን አይችልም፣ ሲያደርስም አሳጥሮ «ገንዘብ የላትም» ብሎ ነው የሚያደርሰው። በስልክ ዝርዝሩን አትዘርዝሪ። «ጋሼ፣ የሰኔ 25ቱን ሙሉውን መክፈል አልችልም። ምን ያህል መቼ እንደምከፍል ጽፌ ይዣለሁ። ነገ ጠዋት መጥቼ ላሳይዎት?» ይበቃል። ሄደሽ ይህን ስጪው፦

> ለአቶ ……
>
> ግንቦት 25 በደረሰኝ ቁጥር …… የወሰድኩት ዕቃ 690,000 ብር ሲሆን የመክፈያው ቀን ሰኔ 25 ነው። በዚህ ቀን ሙሉውን መክፈል አልችልም። ምክንያቱ ለአንድ መሥሪያ ቤት ያስረከብኩት ሥራ እስካሁን ስላልተከፈለኝ ነው፤ ዕቃው መረከቡን የሚያሳየው ሞዴል 19 ተያይዟል፣ የሚከፈልበት ቀን ግን አልተነገረኝም።
>
> ስለዚህ ሰኔ 25 ቀን 90,000 ብር፣ ሐምሌ 20 ቀን 60,000 ብር፣ ነሐሴ 15 ቀን ቀሪውን 540,000 ብር እንድከፍል እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍያዎች ከመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ጋር አይገናኙም። መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ ከከፈለኝ ቀሪውን በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ገቢ አደርጋለሁ። እስከ ነሐሴ 15 ካልከፈለኝ ያልተከፈተውን የ180,000 ብር ወረቀት እመልሳለሁ፣ የተረፈውንም ተገናኝተን እንወስናለን።
>
> እስከዚያ ድረስ የምወስደውን አዲስ ወረቀት ከእርስዎ በእጅ በእጅ እገዛለሁ።

ልመና አትጨምሪበት። «ልጆቼ»፣ «ኑሮው» የሚለውን እሱም ያውቀዋል። ወረቀቱ ላይ የሌለውን ርኅራኄ ፊትሽ ያመጣዋል፤ ከወረቀቱ የሚፈለገው ቁጥር ነው።

ጥያቄ (የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ደሴ)፦ ወለድ ብትጨምርለት አይሻልም? ያለ ጥቅም ማን ይጠብቃል?

መልስ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። 540,000 ብር ከሰኔ 25 እስከ ነሐሴ 15 ማለት 50 ቀን ነው፤ በዚህ ስሌት ወደ 6,650 ብር ይመጣል። ለአስመጪ ይህ ብዙ አይደለም። እሱን የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር ነሐሴ ላይ የሚቀበለው 540,000 ሰኔ ላይ የሚገዛውን ያህል ወረቀት ላይገዛለት ይችላል። 6,650ው ይህን አይሸፍንለትም።

ሌላም አለ። ብዙ የመርካቶ ነጋዴ በሃይማኖቱ ወለድ አይቀበልም፤ ወለድ ማቅረብ ሊያስቀይመው ይችላል። ስለዚህ እኔ ደብዳቤው ላይ ስለ ወለድ ምንም አልጽፍም። እሱ ዋጋ ካነሳ ደግሞ በወለድ ሳይሆን በሚቀጥለው ዕቃ ላይ ተነጋገሩ፤ ለምሳሌ ቅናሽ ሳትጠይቂ መግዛት።

አስተያየት (ጅምላ አከፋፋይ፣ መርካቶ)፦ በዚህ አልስማማም። ወለድ አልቀበልም፤ ግን ሰውዬው ራሱ አንስቶ «የሚገባዎትን ይንገሩኝ» ቢለኝ ደስ ይለኛል። ዝም ካለ የረሳው ይመስለኛል።

መልስ፦ እርስዎ ከወንበሩ ሆነው ነው የሚናገሩት፣ አከብራለሁ። በቃል ይነሳ፣ በጽሑፉ አይግባ ልበል? ሁለታችንም ያየናቸው ሰዎች የተለያዩ ይመስለኛል።

ጥያቄ (ካፌ ያለው፣ ሐዋሳ)፦ የኔም ተመሳሳይ ነው፦ ሦስት መሥሪያ ቤት በዱቤ በልተው አልከፈሉኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኔ ወንድም፣ ያንተ ጉዳይ ማስከፈል ነው፤ እዚህ የምንነጋገረው የሚከፍለው ሰው ስለሚናገረው ነው። ግን ከዚሁ የሚጠቅምህ አለ፦ ከሦስቱ የትኛው ቀንና መጠን እንደሰጠህ ተመልከት። ቀን ከሰጠህ ጻፍና አስፈርመው። ቀን ያልሰጠህ ላይ ዱቤውን ዛሬ አቁም።

ጥያቄ (የማተሚያ ቤቷ ባለቤት)፦ አንድ የመጨረሻ። ለቀለም አቅራቢም ዕዳ አለብኝ፣ 120,000፣ ሐምሌ 5። ለወረቀቱ አስመጪ ይህን ልንገረው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ አንድ ደቂቃ፣ ይህ ዕዳ በላክሽልኝ ሒሳብ ውስጥ የለም። ስለዚህ 190,000 ያልነው 70,000 ነው፤ 150,000 ቃል ልትገቢ አትችዪም። ደብዳቤው ከመሄዱ በፊት ጥሩ ጊዜ ላይ አነሳሽው።

የቀለሙም አቅራቢ ጋ እንዲሁ ሄደሽ ሐምሌ 5 ላይ 40,000፣ ቀሪውን 80,000 ነሐሴ 15 ብለሽ ጠይቂው። ይህ ከሆነ ከ190,000 ላይ 40,000 ሲነሳ 150,000 ይቀራል። 40,000ውን ላልታሰበ ነገር ካስቀመጥሽ ለወረቀቱ የሚተርፈው 110,000 ነው፦ ሰኔ 25 ላይ 90,000ው እንዳለ ይሁን፣ ሐምሌ 20 ላይ 60,000ውን ወደ 20,000 አውርጂው፤ ነሐሴ 15 የሚቀረው 580,000 ይሆናል። ነሐሴ 15 ካልተከፈለሽም ወረቀቱን መልሰሽ የሚተርፈው 400,000 ነው። የቀለሙ አቅራቢ እምቢ ካለሽ ግን የወረቀቱን ደብዳቤ አትላኪው፤ እንደገና እንደምረዋለን።

ስለ መናገሩ፦ እኔ ትንገሪው ባይ ነኝ፤ ዝርዝሩን ሳይሆን «ለሌላ አቅራቢም እየከፈልኩ ነው፣ ለእርስዎ የጻፍኩት ያንን ቀንሼ ነው» ብለሽ። የማይስማሙ አሉ፤ አንዱ አቅራቢ ሌላው እንደሚከፈለው ሲሰማ «እሱን ከኔ ታስቀድማለች» ሊል ይችላል ይላሉ፤ ይህም ይሆናል። ሲጠይቅሽ ግን አትካጂ። «ሌላ ዕዳ አለብሽ?» ካለሽ «አለ፣ ሒሳቡ ውስጥ ገብቷል» በዪ፤ ከመሄድሽ በፊት በእርግጥ መግባቱን አረጋግጪ።

ጥያቄ (የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ፣ አዳማ)፦ ይህን ሁሉ አድርጋ እምቢ ቢላትስ?

መልስ፦ እምቢታ ብዙ ጊዜ ሙሉውን አይደለም። አንዱ ቀኑን ነው የሚጠላው፤ «ነሐሴ 15 አይሆንም፣ ሐምሌ 30» ይላል። ያኔ እሺ ማለት ያጓጓል። እሺ አትበል። የ580,000ው መሠረት መሥሪያ ቤቱ ነውና ቀን ማሳጠር አይቻልም፤ ወረቀቱን ግን ወዲያው፣ ሐምሌ 1 ላይ መመለስ ይቻላል፤ ዕዳው ያን ቀን በ180,000 ይቀንሳል። ሌላው መጠኑን ነው የሚጠላው፤ «ሰኔ 25 ላይ ጨምሪ» ይላል። ለዚያ 40,000ው መጠባበቂያ አለ፣ ግን ከሱ 20,000 ብቻ ትስጥ። ሁለቱንም ከጠላና ዱቤ ከዘጋባት ሰኔ 25 ላይ 90,000ውን በባንክ ታስገባ፣ ደረሰኙን ትላክለት፤ ሐምሌ 20 ላይም 20,000ውን እንዲሁ። ያልተቀበለውን ዕቅድ በቀኑ የምትፈጽም ከሆነ ነሐሴ ላይ የሚኖራቸው ንግግር ሌላ ይሆናል።